ለቆየች ጓደኛ የሚሰጥ ደብዳቤ፦ ከሦስቱ ረቂቆች የትኛው?

ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዓይን አፋር ነው። ሰው በተሰበሰበበት ድምፁ አይሰማም፤ ሁለት ሆናችሁ ስትቀሩ ግን ጨዋታው አይጠገብም። አንድ ቀን ማታ ከደብተር የተቀደዱ ወረቀቶች ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ቦታ ከፍሎ ደረደራቸውና «የትኛውን ልስጣት?» አለኝ።

ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ስድስት ዓመት ጓደኛሞች ናቸው። የሚሄዱበት አንድ ነው፣ የሚስቁበት አንድ ነው። እሱ ግን ከጓደኝነት በላይ እንዲሆኑ መመኘት ከጀመረ ቆይቷል፤ ሊነግራት ሲል አፉ ይያዛል። ስለዚህ ጻፈ። አንድ ጊዜ ጽፎ አልወደደውም፤ እንደገና ጻፈ፤ ያም አላረካውም።

ሦስቱንም አነበብኳቸው። ሦስቱም ከልቡ የወጡ ናቸው፤ እሷ ላይ የሚያደርጉት ነገር ግን የተለያየ ነው። ያን ሌሊት ቁጭ ብለን ያወዳደርነውን እዚህ እጽፈዋለሁ። ዓረፍተ ነገሮቹን የወሰድኩት በፈቃዱ ነው። እንደሱ ወረቀት ፊት የተቀመጠ ሌላ ልጅ ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

በቃል፣ በስልክ ወይስ በወረቀት?

ብዙ ሰው «ፊት ለፊት ንገራት፣ ወንድ አይደለህ እንዴ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፊት ለፊት ስትነግራት እሷም እዚያው፣ አንተ እያየሃት መልስ መስጠት አለባት። አዲስ የተዋወቅካት ልጅ ብትሆን «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብላ መሄድ ትችላለች። የቆየች ጓደኛ ግን እንዲህ ማለት አይሆንላትም። ትደነግጣለች፤ ልትጎዳህ አትፈልግም፤ ይሉኝታ ይይዛታል። ወይ ትስቃለች፣ ወይ ያላሰበችበትን እሺ ትላለች። ደብዳቤ ያን የመጀመሪያ ድንጋጤ ብቻዋን ሆና እንድታሳልፈው ያደርጋል። ከአንተ ዓይን አፋርነት ይልቅ ይህ ነው ለደብዳቤ ዋናው ምክንያት።

ቴሌግራምስ? ልጁ መጀመሪያ ያሰበው እሱን ነበር። እኔ ያልወደድኩት ቦታውን ነው። ሁለቱ በየቀኑ የሚጻጻፉት እዚያ ነው። የልቡን ቢጽፍላት ከላዩ «ደረስሽ?» የሚል ይኖራል፤ ከሥሩ ደግሞ ነገ ስለ ሌላ ነገር የሚጻፍ መልእክት። ከዚያ ጽሑፍ ሥር «እንዴት አደርሽ» ብሎ መጀመር ለሁለቱም ከባድ ነው። አንድም ቀን ሳይጻጻፉ አድረው የማያውቁ ሰዎች ዝም የሚባባሉት እንዲህ ሲሆን ነው።

ሌላው ችግር የላኪው ነው። ሁለቱ የራይት ምልክት ሲመጣ አንብባለች ማለት ነው፤ መልስ ሳይመጣ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ እሱን ይበላዋል። ቴሌግራም ደግሞ የላክኸውን ከሁለታችሁም ስልክ ለማጥፋት ይፈቅዳል። የሚጨነቅ ሰው እጁ እዚያ ላይ መሄዱ አይቀርም። ግማሹን አንብባ ሳትጨርስ ቢጠፋባት፣ ካነበበችው በላይ ያላነበበችው ያሳስባታል።

ሩቅ አገር ካለችና ሌላ መንገድ ከሌለህ ግን በስልክ ላከው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ጽፈህ ጨርስ፤ ከዚያ በአንድ መልእክት ላከው። ስምንት ቦታ ቆራርጠህ ስትልከው እሷ በየመሃሉ «እየጻፈ ነው» የሚለውን እያየች ልቧ ትሰቀላለች። የድምፅ መልእክትን ተወው። ሰው መሃል ሆና ልትከፍተው ትችላለች፤ አንዲት ቃል መልሳ ለመስማት ስትፈልግም ወደ ኋላ እየመለሰች ቦታዋን መፈለግ አለባት።

በአንድ ከተማ ላሉ ጓደኛሞች የእኔ ምርጫ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ። ቅጂውን ለራስህ አስቀር። ከሰጠሃት በኋላ ሌሊት ላይ «እንዲህ ብዬ ጽፌ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል። ያልጻፍከውን ጽፌያለሁ እያልክ ከምትሰቃይ ቅጂውን አይተህ ትተኛለህ።

የመጀመሪያው ረቂቅ፦ ሰምና ወርቅ

«አንዳንድ ሰው አለ፣ ሲርቅ ነው ምን ያህል ቅርብ እንደነበር የሚገባሽ። እኔም ሰሞኑን ስለ አንድ ሰው አብዝቼ አስባለሁ። ማን እንደሆነች ምናልባት አንቺም ታውቂያት ይሆናል።»

ያምራል። ልጁም ከሦስቱ አብልጦ የሚወደው ይህን ነበር። እኛ ወርቁን በሰም መሸፈን ስንወድ ነው ያደግነው፤ ፍቺውን የሚያገኝ ሰውም ደስ ይለዋል። ግን ሰምና ወርቅ የሚሠራው አድማጩ ከሥር ወርቅ እንዳለ ሲያውቅ ነው። እሷ አታውቅም። ለስድስት ዓመት የምታውቀው ጓደኛዋ «ስለ አንድ ሰው አስባለሁ» ሲላት ሌላ ልጅ የወደደ ነው የሚመስላት። «ማናት? ንገረኝ እንጂ!» ብላ ብትመጣስ? ልጁን ይህን ስጠይቀው ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ እውነቱን መናገር ዛሬ ከመናገር አሥር እጥፍ ይከብዳል።

ቢገባት እንኳ ሌላ ችግር አለ። ነገሩን ቀድማ በአፏ ማውጣት ያለባት እሷ ትሆናለች። «እኔን ነው እንዴ?» ብላ ጠይቃ ተሳስታ ብትገኝ የምታፍረው እሷ ናት። እሱ የፈራውን ፍርሃት ለእሷ አሸከማት ማለት ነው። ይህን ለማንም ጓደኛ ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም፤ ለሚወዷት ደግሞ ይብሳል።

ረቂቅህ እንዲህ ዓይነት መሆኑን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ጽሑፉን ልጅቷን ለማታውቅ አንዲት ሴት ስጥና «ይህ ልጅ ማንን ነው የወደደው?» ብለህ ጠይቃት። «የሚጽፍላትን ልጅ» ብላ ወዲያው ካልመለሰች ገና አልተናገርክም።

ሁለተኛው ረቂቅ፦ አራት ገጽ

ይህኛው የተጻፈው ሌሊት ነው፤ የእጅ ጽሑፉም ወደ መጨረሻው እየሮጠ ሄዷል። «ያለ አንቺ መኖር አልችልም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንቺን እያሰብኩ ነው የኖርኩት። ስትቸገሪ የደረስኩት፣ ስታለቅሺ ያጽናናሁሽ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ይገባሻል እያልኩ ጠበቅኩ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ የጻፍኩት ይህንኑ ነበርና። የእኔ ሰባት ገጽ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ለእሷ ያደረግኩትን ሁሉ በተራ ዘርዝሬያለሁ። ፍቅሬን የሚያሳይ መስሎኝ ነበር። አንብባ ስታበቃ ቀና ብላ አይታኝ «ለዚህ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ያደረግኩላት ነገር ሁሉ በዚያች ጥያቄ ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ሆነ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ለቆየች ጓደኛ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» ብሎ መጻፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ትዝታዋን ይበጠብጣል። ታሞ አይታው፣ ተጣልታ ታርቃው፣ ሚስጥሯን ነግራው ያለፈችበት ጊዜ ሁሉ አሁን ሌላ መልክ ይይዛል። ያኔ የሚያዳምጠኝ እንደ ጓደኛ ነበር ወይስ ተራውን እየጠበቀ? ጓደኛዋን ያጣች ያህል ይሰማታል፤ መልሷ ምንም ይሁን ምን።

ለዚህ ነው ልጁን «በእውነት መቼ ነው የጀመረህ?» ብዬ የጠየቅኩት። ረጅም ጊዜ አሰበ። «ባለፈው ዓመት» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ።» ስድስቱ ዓመት እውነት አልነበረም ማለት ነው። ውሸት ለመጻፍም አስቦ አይደለም፤ ስሜት ሲበረታ ሰው «ሁልጊዜ» ማለት ይቀናዋል። ስለዚህ ከዚህ ረቂቅ መጀመሪያ የሰረዝነው «ስድስት ዓመት ሙሉ» የሚለውን ነው። በቦታው የገባው ያ ሌሊት ነው።

«ያለ አንቺ መኖር አልችልም» የሚለውም ወጣ። ሲነበብ የፍቅር ቃል ይመስላል፤ እምቢ ማለት ለምትፈልግ ልጅ ግን ማስፈራሪያ ነው። ሕይወቱን በእጇ አስይዘዋት እንዴት ነፃ ሆና ታስብ?

ሦስተኛው ረቂቅ፦ አራት መስመር

«እወድሻለሁ። ከጓደኝነት በላይ እንድንሆን እፈልጋለሁ። ምን ትያለሽ? መልስሽን እጠብቃለሁ።»

ልጁ ይህን «በጣም ደረቅ ነው» ብሎ ከታች ደብቆት ነበር። እኔ ግን ያነሳሁት እሱን ነው። ምን እንደሚፈልግ የተናገረው እዚህ ብቻ ነው። ጉድለቱ ለማንም ልጅ ሊሰጥ መቻሉ ነው፤ ስሟን ቀይሮ ለሌላ ቢልከው አንዲት ቃል አይለወጥም። አጥንቱ ጥሩ ነው፣ ሥጋ የለውም። ሥጋው ያለው ሁለተኛው ረቂቅ ውስጥ ነበር፤ አራት ገጽ ሙሉ አያስፈልግም፣ አንድ ትዝታ ይበቃል።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ ሦስተኛውን ያዝ፣ ከሁለተኛው አንዲት እውነተኛ ሌሊት ውሰድ፣ የመጀመሪያውን ለራስህ አስቀምጠው።

የትኛው ቃል?

ቃል ላይ ደግሞ ሌላ ሰዓት አጠፋን። አማርኛችን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። «ጓደኛዬ ሁኚ» ብትላት ጓደኛህ ናት እኮ! «ጓደኛ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ያገለግላል፤ በንግግር በድምፅህና በፊትህ ትለየዋለህ፣ ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም። «የፍቅር ጓደኛ» ትንሽ ቢደርቅም ግልጽ ነው።

«እወድሻለሁ»ን ለእናትህ፣ ለእህትህ፣ ለአብሮ አደግህ ትለዋለህ። ለስድስት ዓመት ጓደኛ ምናልባት በልደቷ ቀን ብለሃት ይሆናል። ብቻውን ከቆመ «እኔም እወድሃለሁ» ብላ ትመልስልሃለች፤ አንተም ምን እንደመለሰችልህ ሳታውቅ ትቀራለህ። «አፈቅርሻለሁ» አያሳስትም፤ ግን ከባድ ነው። ስለ ስሜቱ ተናግሮ ከማያውቅ ልጅ አፍ ድንገት ሲወጣ የራሱ ቃል አይመስልም፤ ያንኑ የሚያህል መልስም የሚጠይቅ ይመስላል።

እኛ የመረጥነው «ወድጄሻለሁ» የሚለውን ነው። ውስጡ ጊዜ አለ። ቀድሞ ያልነበረ ነገር አሁን መጥቷል ይላል፤ የእሱም ታሪክ ይኸው ነው። ከሥሩ «እንደ እህት አይደለም» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር ጨመርን፤ ምክንያቱም ልጁ ለዓመታት «እህቴ» እያለ ሲጠራት ኖሯል።

እምቢ ብትልስ?

የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሦስት አማራጭ ጽፎ ነበር። «እምቢ ካልሽም ምንም አይለወጥም» የሚለው ደግ ይመስላል፤ ግን የማይጠበቅ ቃል ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዝም ሲል ስታየው ዋሸኝ ትላለች። «እምቢ ካልሽ ዳግም አላይሽም» የሚለው ደግሞ ጓደኝነቱን መያዣ ማድረግ ነው፤ እሱን ልጁ ራሱ ሰርዞት ነው ያገኘሁት። ሦስተኛው ሊያመው እንደሚችልና ትንሽ ሊርቅ እንደሚችል የሚናገር ነበር። እውነቱ እሱ ስለሆነ ያዝነው። «በጣም ያመኛል» ብሎ ነበር የጻፈው፤ «በጣም»ን አወጣናት። ያችን ቃል ካነበበች በኋላ እሷ የምታስበው ስለ ራሷ ስሜት ሳይሆን ስለ እሱ ሕመም ይሆን ነበር።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ደብዳቤው እንዲህ ሆኖ አለቀ፦

«ይህን በአፌ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ታውቂኛለሽ፣ አፌ ይያዛል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

አባቴ ሆስፒታል የተኛ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ አብረሽኝ አደርሽ። አይዞህ እንኳ አላልሽኝም። የስልኬ ባትሪ ሲያልቅ የራስሽን አውጥተሽ ሰጠሽኝና ግድግዳውን ተደግፈሽ እንቅልፍ ወሰደሽ። እናቴ ጋር የደወልኩት በአንቺ ስልክ ነው። ሊነጋ ሲል ዞር ብዬ ሳይሽ ከዚያ በፊት በደንብ አይቼሽ የማላውቅ መሰለኝ።

እስከዚያ ሌሊት ጓደኛዬ ነበርሽ፤ ሌላ ነገር በልቤ አልደበቅኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ወድጄሻለሁ። እንደ እህት አይደለም። የፍቅር ጓደኛሞች ብንሆን ደስ ይለኛል።

አንቺ እንደዚህ ካልተሰማሽ ንገሪኝ። ያመኛል፤ ትንሽ ጊዜም ልርቅ እችላለሁ። ተቀይሜሽ ግን አይሆንም። መልሱን ዛሬ አልጠብቅም። በጽሑፍም ይሁን በቃል፣ እንደሚቀልሽ አድርጊው። እስከዚያ ድረስ እኔ አላነሳውም።»

መስጠትና መጠበቅ

በጋራ ጓደኛ እጅ መላክ ቀላሉ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም። ያኔ ጉዳዩን ሦስተኛ ሰው ያውቀዋል፤ እሷም መልሷን ስታስብ የሚጠብቃት ሌላ ሰው እንዳለ ታስባለች። ራስህ ስጣት፣ ስትለያዩ። «ቤት ገብተሽ አንብቢው» በላትና ሂድ። ልደቷ ቀን አይሁን፣ የፈተና ሰሞንም አይሁን። ከሌላ ልጅ ጋር በተለያየች ሳምንትማ ፈጽሞ አይሁን፤ ያኔ የምትፈልገው ጓደኛዋን ነው።

መጠበቁ ከመጻፉ ይከብዳል። «አላነሳውም» ብለሃል፤ አታንሳው። ሁለት ሳምንት ካለፈና ምንም ካላለች አንድ ጊዜ ብቻ «አንብበሽው ነበር?» ብለህ ብትጠይቅ ነውር የለውም። ከዚያ በኋላም ዝም ካለች ዝምታዋን መልስ አድርገህ ውሰደው።

መልሶቹም ይለያያሉ። «ላስብበት» ብዙ ጊዜ የእውነት ነው፤ ለእሷ ነገሩ ገና ትናንት የተጀመረ ነው። አንተ ዓመት አስበህበታል፣ እሷ ሁለት ቀን። «እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» ግን ያለቀ መልስ ነው። እዚያ ላይ «ሞክሪው እስቲ» ብሎ መከራከር የተረፈውን ጓደኝነት ያበላሻል። «አሁን ዝግጁ አይደለሁም» የሚለው ተስፋ የሚሰጥ ይመስላል። እሱንም እንደ አይሆንም ተቀበለው፤ ራሷ ተመልሳ እስክታነሳው ድረስ።

ልጁ ደብዳቤውን የሰጣት በነጋታው ነበር። ለስምንት ቀን አንድም ነገር አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በዘጠነኛው ቀን እሷም ወረቀት አጥፋ ሰጠችው። ከውስጡ የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ አሳየኝ፤ የቀረው የሁለቱ ነው። «የዚያን ሌሊት ነገር የማስታውሰው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር» ይላል።